ፍጻሜውን ሳይነኩ ትሬለር መቁረጥ፦ ካለቀ ፊልም ላይ ቅጽበቶችን የመምረጥ አሠራር

ይህ መመሪያ የተጻፈው ተሠርቶ ካለቀ ረጅም ፊልም ላይ የሁለት ደቂቃ ገደማ ትሬለር ለሚቆርጥ ኤዲተር ነው። የኤዲቲንግ ሶፍትዌር አጠቃቀምን አንባቢው እንደሚያውቅ በማሰብ አልፌዋለሁ፤ ትኩረቴ ከፊልሙ ውስጥ የትኛው ቅጽበት ተመልካቹን እንደሚያጓጓ፣ የትኛው ደግሞ ሳይታሰብ ፍጻሜውን እንደሚያጋልጥ መለየት ላይ ነው። ለማስረጃ የምጠቀመው ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኝ አንዲት ጠባብ የኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ የቆረጥኩትን የአንድ ድራማ ፊልም ትሬለር ነው። ለማስረዳት ስል ፍጻሜውን መናገር ስላለብኝ የፊልሙን ስም አልጠቅስም።

ፊልሙ 1 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ይወስዳል። አንዲት እናት ከሴት ልጇ ጋር አራት ኪሎ አካባቢ ባለ የቀበሌ ቤት ትኖራለች። ወንዱ ልጇ ከዘጠኝ ዓመት በፊት በሱዳን በኩል ተሰዶ ድምፁ ጠፍቷል። እህቱ ሲሄድ የ11 ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን ፒያሳ በአንድ ወርቅ ቤት ተቀጥራ ትሠራለች። መብራት በጠፋበት ዝናባማ ምሽት አንድ ሰው በሩን አንኳኩቶ «እማዬ፣ መጣሁ» ይላል። እናትየው አቅፋ ትቀበለዋለች፤ እህትየው ግን ቀስ በቀስ መጠራጠር ትጀምራለች። ወደ መጨረሻው ሰውየው ወንድሟ ሳይሆን ወንድሟን በረሃ ላይ የቀበረው የስደት ጓደኛው መሆኑ ይገለጣል። ከዚያ በኋላ ደግሞ እናትየው ይህን ከመጀመሪያው ሌሊት ጀምሮ ታውቅ እንደነበር እንረዳለን።

አስቀድሞ የሚጠበቀውን ምስጢር በወረቀት ላይ ማስፈር

ኮምፒውተሩን ከመክፈትዎ በፊት ወረቀት ይውሰዱና ሁለት ነገሮችን ይጻፉ። የመጀመሪያው ተመልካቹ ትሬለሩን አይቶ ሲጨርስ በአእምሮው ይዞት እንዲሄድ የሚፈልጉት ጥያቄ ነው። ሁለተኛው በምንም መንገድ እንዳይታወቅ የሚጠበቀው ምስጢር ነው። ሁለቱም እያንዳንዳቸው ከአንድ ዐረፍተ ነገር መብለጥ የለባቸውም። ጥያቄውን በአንድ ዐረፍተ ነገር መጻፍ ካቃተዎት ሾት መምረጥ አይጀምሩ፤ ምክንያቱም ቆይተው በሚያምሩ ምስሎች ብቻ እየተመሩ እንደሚቆርጡ ያገኙታል።

በዚህ ፊልም ጥያቄው ግልጽ ነበር፦ «ይህ ሰው በእርግጥ ወንድሜ ነው?» የምስጢሩ ምርጫ ግን እንደዚያ ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያ ዳይሬክተሩም እኔም የምንጠብቀው ምስጢር የሰውየው ወንድም አለመሆን ነው ብለን አስበን ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለ ጥያቄ በትሬለር ላይ ሲቀርብ ተመልካቹ ወዲያውኑ መልስ መገመት ይጀምራል፤ ከሁለቱ ከሚቻሉት መልሶች አንዱን መገመቱም የማይቀር ነው። እንቆቅልሽ ስንጠያየቅ «እንቆቅልህ» ያለው ሰው መልሱን እስኪነግር ድረስ ሌላው ሲገምት እንደሚቆየው ሁሉ፣ ጥያቄ ያቀረበ ትሬለርም ግምትን ራሱ ጋብዟል። ስለዚህ በጥያቄው የተጠቆመውን ምስጢር ሙሉ በሙሉ መሸፈን አይቻልም፤ መልሱን በእርግጠኝነት አለመስጠት ብቻ ነው የሚቻለው።

ፊልሙን ዋጋ የሚያሳጣው የሌላኛው ምስጢር መውጣት ነው፤ እርሱም ተመልካቹ መኖሩን እንኳ የማያውቀው ምስጢር ነው። እናትየው ከመጀመሪያው ታውቅ እንደነበር የሚገምት ሰው ፊልሙን ሲያይ የእናትየውን እያንዳንዱን እቅፍና ጉርሻ በሌላ ዓይን ይመለከተዋል፤ በ93ኛው ደቂቃ ላይ የሚመጣው ትዕይንትም ምንም አይነግረውም። ስለዚህ በወረቀቴ ላይ የጻፍኩት የሚጠበቅ ምስጢር «እናትየው ታውቃለች» የሚለው ሆነ። የትሬለሩ ሥራ በሙሉ ከዚህ ውሳኔ በመነሣት ተቀየረ። በትሬለሩ ውስጥ እናትየው ያለ አንዳች ጥርጣሬ የምታምን ሰው ሆና መታየት ነበረባት፤ ጥርጣሬው ሁሉ በእህትየው ፊት ላይ ብቻ መቅረት ነበረበት። እርስዎም የራስዎን ፊልም ሲይዙ «ተመልካቹ ሊገምተው የሚችለው የትኛው ነው፣ መኖሩን የማያውቀውስ የትኛው ነው?» ብለው ይለዩ፤ ጥብቅ ጥበቃ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው።

ለሥራው የሚያስፈልጉትን ነገሮች ማሰባሰብ

ከፕሮዲውሰሩ ሦስት ነገሮችን ይጠይቁ፦ ከለር ተስተካክሎ ያለቀውን ምስል ያለ ሰብታይትልና ያለ ጽሑፍ፣ ድምፁን ንግግር፣ ሙዚቃና ሌሎች ድምፆች በሚል ለየብቻ የተቀመጠ፣ እንዲሁም የሙዚቃ ደራሲውን ውል። ድምፁ ተለይቶ ካልመጣ በንግግሩ ሥር ያለው ሙዚቃ በቆረጡበት ሁሉ እየዘለለ ያስቸግራል፤ ዓይንዎን ጨፍነው ሲያዳምጡ ይህ ዝላይ ወዲያው ይሰማዎታል። የተለየ ድምፅ ጨርሶ ከሌለ ያለው መፍትሔ ከሥሩ ሙዚቃ የሌለባቸውን ንግግሮች ብቻ መምረጥ ነው። የፊልሙን ዋና ፕሮጀክት በቀጥታ አይንኩት፤ ኮፒ አድርገው በኮፒው ላይ ይሥሩ። ፊልሙ በሰከንድ 24 ፍሬም ከሆነ ትሬለሩም 24፣ 25 ከሆነም 25 ይሁን።

ፊልሙን ማየትና ምልክት ማድረግ

ፊልሙን መጀመሪያ አንድ ጊዜ ሳያቋርጡ ይመልከቱት። ቀደም ሲል እርስዎ ራስዎ የቆረጡት ፊልም ቢሆንም እንኳ ይህን ደረጃ አይዝለሉት፤ እንዲያውም ፊልሙን ለወራት ሲቆርጥ የኖረ ኤዲተር የትኛው ፍንጭ ለአዲስ ዓይን እንደሚታይ ለማወቅ ይቸግረዋል። በሁለተኛው ዙር በፕሪሚየርም ሆነ በሪዞልቭ M የሚለውን ቁልፍ እየተጫኑ ማርከር ያድርጉ። እኔ ሦስት ቀለሞችን እጠቀማለሁ። አረንጓዴ ሙሉ በሙሉ መጠቀም የሚቻለው ነው። ቢጫ ምስሉ ያለ ድምፁ ወይም ድምፁ ያለ ምስሉ ብቻ የሚሠራው ነው። ቀይ ደግሞ የተከለከለው ነው። ብዙዎች ቀይ ማርከርን ማድረግ ጊዜ ማባከን ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ለፈጣኑ ክፍል የአንድ ሰከንድ ሾት በችኮላ ሲፈልጉ ከስሕተት የሚያድንዎ እርሱ ነው።

በሙያው ውስጥ «ከፊልሙ የመጀመሪያ አጋማሽ ብቻ ውሰድ» የሚል ልማድ አለ። እንደ መነሻ ጥሩ ነው፤ ጠባቂ ግን ሊሆን አይችልም። በዚህ ፊልም ውስጥ እጅግ አደገኛው ሾት የሚገኘው 11ኛው ደቂቃ ላይ ነው። ሻማው በርቶ ሰውየው ፊት ለፊት ሲቆም እናትየው ከማቀፏ በፊት ለሁለት ሰከንድ ያህል እጆቹን ትመለከታለች። ፊልሙን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው በሲኒማ ቤት ውስጥ ይህን አያስተውልም፤ ምክንያቱም ትኩረቱ በሰውየው ፊት ላይ ነው። ጥሩ ፊልም ፍንጩን የሚያስቀምጠው ገና ከጅምሩ ነውና፣ በመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ሾትም ከፍጻሜው ጋር የተሳሰረ ሊሆን ይችላል። ይህ ሾት ከዙሪያው ተነጥሎ ትሬለር ውስጥ ሲገባ ደግሞ የሚከልለው ነገር ስለማይኖር ትርጉሙ ይጮኻል።

ንግግርን መምረጥ

እኔ ትሬለርን የምጀምረው ከምስል ሳይሆን ከንግግር ነው። በአረንጓዴና በቢጫ ምልክት ያደረግኋቸውን ንግግሮች በታይምላይን ላይ ደርድሬ፣ ምስሉን ሸፍኜ፣ እንደ ሬዲዮ ድራማ አዳምጣቸዋለሁ። ታሪኩ በድምፅ ብቻ ጥያቄውን ማንሣት ከቻለ ምስል ሲጨመርበት ይጠነክራል፤ በድምፅ ካላነሣው ግን የትኛውም የሚያምር ሾት አያድነውም።

አማርኛ ለዚህ ሥራ የሚሰጠው ልዩ ዕድል አለ። ማሠሪያ አንቀጻችን በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ግሡ ከመነገሩ በፊት የተቆረጠ ንግግር አድራጊውንና ተደራጊውን አሳውቆ ድርጊቱን አንጠልጥሎ ይተወዋል። በ64ኛው ደቂቃ ሰውየው ለእህትየው «እውነቱን ብነግርሽ አታምኝኝም» ይላታል። በትሬለሩ ውስጥ «እውነቱን ብነግርሽ…» ላይ ቆርጬ እህትየው ቀና ስትል የሚያሳየውን ሾት አስከትዬበታለሁ። ይህ ቁራጭ ጥያቄውን ያሳድገዋል፤ ምንም ምስጢር አያወጣም፤ ከፊልሙ ትርጉምም አያፈነግጥም።

ይሁን እንጂ ይኸው መንገድ ሊያሳስትም ይችላል። በ81ኛው ደቂቃ በሚመጣው የኑዛዜ ትዕይንት ውስጥ ሰውየው «ወንድምሽን በእጄ ቀበርኩት» ይላል። ፕሮዲውሰሩ «ወንድምሽን በእጄ…» በሚለው ላይ ተቆርጦ እንዲገባ አጥብቆ ጠይቆ ነበር፤ በእርግጥም ሲሰማ ልብ የሚያስደነግጥ ነው። እኔ ያልተቀበልኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ «ወንድምሽን» ብሎ የሚናገር ሰው ራሱ ወንድሟ አለመሆኑን አረጋግጧል። ሁለተኛ፣ ተመልካቹ የጎደለውን ግሥ «ገደልኩት» ብሎ ይሞላዋል፤ ስለዚህ ፊልሙ ያልሆነውን የነፍስ ግድያ ታሪክ አድርጎ ይጠብቀዋል፤ ከሲኒማ ቤቱ ሲወጣም የተታለለ ሆኖ ይሰማዋል። ንግግርን አንጠልጥሎ መቁረጥ የሚፈቀደው ተመልካቹ ሊሞላው የሚችለው ነገር በፊልሙ ውስጥ ያለውን ታሪክ ካላበላሸ ብቻ ነው።

ከዚህ በተጨማሪ ከኋለኛው የፊልሙ ክፍል የሚወሰድ እያንዳንዱን ንግግር በሦስት ነገሮች ይመርምሩት። የመጀመሪያው ጊዜን የሚያመለክተው «ነበር» ነው። ስለ አንድ ሰው «ደግ ነው» ሲባል ከቆየ በኋላ «ደግ ነበር» ከተባለ ያ ሰው መሞቱን ተመልካቹ ወዲያው ይሰማዋል። ሁለተኛው የአክብሮት አጠራር ነው። እህትየው ሰውየውን በፊልሙ ሁሉ «አንተ» ስትለው ቆይታ፣ በ84ኛው ደቂቃ ላይ «ለመሆኑ እርስዎ ማነዎት?» ትለዋለች። ዐረፍተ ነገሩ በራሱ ጥያቄ ብቻ ስለሆነ ለትሬለር የተመቸ ይመስላል፤ «አንተ» ወደ «እርስዎ» መለወጡ ግን ሰውየው ባዕድ መሆኑን ያለ ማብራሪያ ይናገራል። ሦስተኛው የመጠሪያ ስም ነው። እናትየው በመጨረሻ ሰውየውን በእውነተኛ ስሙ ትጠራዋለች፤ ስሙ ከሩቅ፣ በሌሎች ድምፆች መካከል እንኳ ቢሰማ ጉዳዩ አለቀ። ቢጫ ምልክት ባደረግሁበት ምስል ሥር ይህ ስም በቀጭን ድምፅ ሲሰማ ሁለት ጊዜ አግኝቼዋለሁና፣ ከኋለኛው ክፍል በተወሰደ ምስል ሥር የነበረውን ድምፅ ሁልጊዜ አውጥተው በሌላ መተካትን አይዘንጉ።

ትሬለሩ የእንግሊዝኛ ሰብታይትል የሚገባበት ከሆነ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። በእንግሊዝኛ ግሥ ቀድሞ ስለሚመጣ፣ ተርጓሚው ሙሉውን የስክሪፕት ዐረፍተ ነገር ይዞ ከተረጎመ በድምፅ የተንጠለጠለው ነገር በጽሑፍ ተፈቶ ይታያል። ስለዚህ ለተርጓሚው ስክሪፕቱን ሳይሆን የተቆረጠውን ትሬለር ይስጡት፤ ተቆርጦ የቀረውን ክፍልም እንዳይሞላ በጽሑፍ ይንገሩት።

ምስልን መምረጥ

በምስል ላይ የሚገኘው አጋላጭ ነገር አብዛኛውን ጊዜ ድርጊቱ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ነው። ልብስ፣ ጸጉር፣ ቁስል፣ ከማን ጋር ማን እንደተቀመጠ፣ ቤት ውስጥ የጎደለ ዕቃ፣ እነዚህ ሁሉ ጊዜን ይናገራሉ። ለኢትዮጵያዊ ተመልካች ከሁሉም በላይ የሚናገረው የሐዘን ምልክት ነው። ከ96ኛው ደቂቃ በኋላ እናትየው ጥቁር ለብሳ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። በመስኮት በኩል በሚገባ ብርሃን የተቀረጸ የእርሷ የቅርብ ሾት አለ፤ ከፊልሙ ሁሉ ውብ ነው ብዬ የማምንበት ምስል ነው። ፊቷ ብቻ ስለሚታይ አያጋልጥም ብዬ ለሁለት ቀን ያህል በታይምላይኑ ላይ አቆይቼው ነበር። ነገር ግን በፍሬሙ ታችኛው ጠርዝ ላይ የነጠላዋ ጥለት በትከሻዋ ላይ አርፎ ይታያል። ይህን የሚያይ የአገራችን ሰው ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም። ምስሉን ትንሽ አጉልቼ ጥለቱን ከፍሬም ለማስወጣት ሞከርኩ፤ ጥቁሩ አንገትጌ ግን አልወጣም፤ ስለዚህ ሾቱን ትቼዋለሁ።

እንዲህ ያለ ሾት በፍጥነት ቢያልፍ አይታወቅም የሚል ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይነሣል። በሰከንድ 25 ፍሬም በሚሄድ ምስል ላይ 8 ፍሬም የአንድ ሰከንድ ሲሶ ያህል ነው፤ በሲኒማ ቤት በእርግጥ ዓይን ያመልጣል። ትሬለሩ ግን በአብዛኛው የሚታየው በስልክ ላይ ነው፤ ስልክ ላይ ደግሞ ማቆም፣ ወደ ኋላ መመለስና ምስሉን ቀርጾ ለሌላ መላክ ቀላል ነው። ቀይ ምልክት ያለበት ሾት ርዝመቱ ሁለት ፍሬም ቢሆንም ቀይ ነው።

ቅጽበቶቹን መደርደር

የአሜሪካ የሲኒማ ቤት ባለቤቶች ብሔራዊ ማኅበር በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው በፈቃደኝነት በሚፈጸም መመሪያ የትሬለር ርዝመት ከ2 ደቂቃ እንዳይበልጥ ጠይቆ ነበር። ለእኛም መልካም ወሰን ነው፤ ምስጢር የሚወጣው ብዙ ጊዜ ሰዓት ለመሙላት ሲባል በሚጨመረው ትርፍ ሾት ነውና። የእኔ ትሬለር 1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ሆኖ አልቋል፤ አደራደሩም እንደሚከተለው ነው።

የመጀመሪያዎቹ 22 ሰከንዶች ጸጥ ያሉ ናቸው። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ይወርዳል፤ እናትየው ረከቦት ላይ ሦስት ሲኒ ትደረድራለች፤ እህትየው «ዛሬም ሦስት ሲኒ ነው የምትደረድሪው?» ትላታለች። ይህ ንግግር ከ4ኛው ደቂቃ የተወሰደ ሲሆን፣ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰዎች ብቻ መኖራቸውን፣ አንድ ሰው መጥፋቱንና እናትየው ተስፋ አለመቁረጧን ያለ ምንም ትረካ ያስረዳል። ወዲያው መብራት ይጠፋል፤ በጨለማው ውስጥ በር ሲንኳኳ ይሰማል። የማንኳኳቱ ድምፅ ከምስሉ ቀድሞ፣ ገና በሲኒው ላይ እያለን እንዲሰማ አድርጌዋለሁ።

ከ22ኛው እስከ 55ኛው ሰከንድ ያለው ክፍል የመምጣቱ ደስታና የመጀመሪያው ጥርጣሬ ነው። «እማዬ፣ መጣሁ» ይባላል፤ ጎረቤቶች እልል ይላሉ፤ እናትየው ታጎርሰዋለች። ከዚያ እህትየው በ38ኛው ደቂቃ ላይ የምትጠይቀውን ጥያቄ ታነሣለች፦ «ከመሄድህ በፊት የነገርከኝን ታስታውሳለህ?» ሰውየው በፊልሙ ውስጥ ከአራት ሰከንድ ዝምታ በኋላ ይመልሳል። በትሬለሩ ውስጥ ዝምታውን እንዳለ ወስጄ፣ አፉን ሊከፍት ከንፈሩ ሲላቀቅ ቆርጫለሁ። ቁራጩ ከዚህ አንድ ፍሬም ቢዘገይ የመጀመሪያው ፊደል ይሰማ ነበር፤ ቢቀድም ደግሞ ሰውየው መልስ የሌለው ይመስል ነበር። መልስ እንዳለው ታውቆ መልሱ ሳይሰማ መቅረቱ ነው ተመልካቹን የሚይዘው።

ከ55ኛው ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ድረስ ሾቶቹ እያጠሩ ይሄዳሉ፤ ከሁለት ሰከንድ ተነሥተው ወደ ግማሽ ሰከንድ ይደርሳሉ። እህትየው ከወርቅ ቤቱ ወጥታ በፒያሳ ቁልቁለት ስትሮጥ፣ የሰውየውን ቦርሳ ስትፈትሽና ፎቶግራፍ ስታወጣ ይታያል። የፎቶግራፉ ምስል በፊልሙ ውስጥ በ58ኛው ደቂቃ ላይ ይታያል፤ በትሬለሩ ግን የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው፤ ቀጣዩ ሾት የእህትየው ዓይን ነው። የታየውን ነገር ደብቆ የእህትየውን ፊት ማሳየት በዚህ ክፍል ሦስት ጊዜ ያህል ተጠቅሜበታለሁ፤ ከዚያ በላይ ሲደጋገም ግን ተመልካቹ እየተጫወቱበት እንደሆነ ይሰማዋል።

በመጨረሻ ሙዚቃው በድንገት ይቆማል። ስድስት ሰከንድ ሙሉ የሚሰማው ቡና ሲቀዳ ብቻ ነው፤ እናትየው ሦስተኛውን ሲኒ ስትሰጥ የሰውየው እጅ ሲቀበላት እናያለን። ፊት አይታይም። የፊልሙ ርእስ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እዚህ ቦታ ላይ የእናትየውን ፊት ለማስገባት ከፍተኛ ፈተና ነበር፤ ነገር ግን ተዋናይቷ በዚያ ትዕይንት ሐዘንን በስሱ ስለምታሳይ፣ ፊቷ የተጠበቀውን ምስጢር ይነካ ነበር።

ሙዚቃ

የታወቀ ዘፈን ከኢንተርኔት አውርዶ መጠቀም ዩቲዩብ ላይ ትሬለሩን ሊያዘጋ ይችላል፤ በአገራችንም የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሙዚቃ ባለመብቶችን ይጠብቃል። ለፊልሙ የተሠራውን ሙዚቃ ሲጠቀሙም ውሉ ማስታወቂያን የሚጨምር መሆኑን ይመልከቱ። ለፍጻሜው የተሠራውን ሙዚቃ አይውሰዱ፤ ብዙውን ጊዜ የሙዚቃው ስሜት ብቻ ፍጻሜው ደስታ ይሁን ሐዘን ያሳውቃል።

ያላዩ ሰዎችን ማሳየት

ትሬለሩ አለቀ ብለው ሲያምኑ ፊልሙን ላላዩ፣ ስለ ታሪኩም ላልሰሙ አምስት ሰዎች ያሳዩ። እኔ ያሳየሁት ፒያሳ በሚገኝ አንድ ቡና ቤት ውስጥ፣ ለእያንዳንዱ ለየብቻው፣ በስልክና በጆሮ ማዳመጫ ነው። «ወደዳችሁት?» ብሎ መጠየቅ ምንም አይጠቅምም፤ ሰው ይሉኝታ ስላለው አዎ ይላል። ይልቁንም ወረቀት ይስጧቸውና ታሪኩ እንዴት እንደሚያልቅ የሚገምቱትን፣ እንዲህ እንዲያስቡ ያደረጋቸው የትኛው ምስል ወይም ንግግር እንደሆነም እንዲጽፉ ያድርጉ።

በመጀመሪያው ሙከራ አራቱ «ሰውየው ወንድሟ አይደለም» ብለው ጻፉ። ይህ አላስደነገጠኝም፤ ጥያቄው ራሱ የጋበዘው ግምት ነው፤ አንዳቸውም እርግጠኛ አልነበሩም። ያስደነገጠኝ ሁለቱ ሰዎች «እናትየዋ ሳታውቅ አትቀርም» ብለው መጻፋቸው ነው። ሁለቱም ያመለከቱት ቀይ ማድረግ ሲገባኝ በውበቱ ተስቤ ቢጫ ያደረግሁትንና ለአንድ ሰከንድ ያስገባሁትን የ11ኛውን ደቂቃ ሾት፣ ማለትም እናትየው እጆቹን የምታይበትን ነው። ሦስቱ ደግሞ በግቢው ውስጥ ድንኳን ሲተከል ከውጭ የሚታይበትን ሾት ጠቅሰው ሰው ይሞታል ብለው ጽፈዋል። ድንኳን ለሠርግም ስለሚተከል አሻሚ ይሆናል የሚል እምነት ነበረን፤ ነገር ግን ከእህትየው ሩጫ ቀጥሎ ሲመጣ ሠርግ ብሎ የሚያነበው ሰው አልተገኘም። ሁለቱንም አወጣሁ። በድንኳኑ ምትክ የዝናብ ውኃ በደጁ ሲወርድ የሚያሳይ፣ ከ12ኛው ደቂቃ የተወሰደ ሾት ገባ።

ለሁለተኛው ሙከራ ሌሎች አምስት ሰዎችን ይፈልጉ። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች የቀድሞውን ትሬለር ስለሚያስታውሱ የወጣውን ሾት በአእምሯቸው ይዘውት ይቆያሉና ለዚህ አይሆኑም። በእኔ ሁለተኛ ሙከራ ስለ እናትየው የጻፈ ሰው አልነበረም።

ለመውጣት ማዘጋጀት

ለዩቲዩብ የሚወጣውን ትሬለር አማካይ የድምፅ መጠን በሶፍትዌሩ መለኪያ ላይ ወደ -14 LUFS ያቅርቡት፤ ከዚያ በላይ የጮኸውን ዩቲዩብ ራሱ ይቀንሰዋል። ለሲኒማ ቤት የሚሄደው ቅጂ ግን ለብቻው መሠራት አለበት፤ ከተቻለም በዚያው አዳራሽ ውስጥ ቢሰማ ይመረጣል፤ በስልክ ደህና የነበረው የቡና መቅዳት ድምፅ በትልቁ አዳራሽ ከሚገባው በላይ ሊጎላ ይችላልና።

የመታያ ቀኑን የያዘውን ጽሑፍ ለየብቻ በተቀመጠ ሾት ላይ ያድርጉት፤ ቀን ሲቀየር ትሬለሩን እንደገና መክፈት ሳያስፈልግ እርሱን ብቻ መተካት ይቻላል። ቀን የሌለበት አንድ ቅጂም ያስቀምጡ። ለቲክቶክና ለቴሌግራም የሚሆነውን የ30 ሰከንድ ቁም ቅጂ ሲሠሩ ምስሉ ከጎን ስለሚቆረጥ በፍሬሙ ውስጥ የሚቀረው ነገር ይለወጣል፤ በአግድሙ ቅጂ ጥግ ላይ ሆኖ ያልተስተዋለው ነገር በቁሙ መካከል ላይ ሊመጣ ይችላልና እያንዳንዱን ሾት ከቀዩ ዝርዝር ጋር እንደገና ያስተያዩ። ከትሬለሩ ጋር በሽፋንነት የሚለጠፈውን ፎቶ ሌላ ሰው እንዲመርጠው አይተዉ። ማስታወቂያውን የሚለጥፈው ሰው ቀዩን ዝርዝር አላየውም፤ ከፊልሙ ሁሉ ውብ የሆነውን ምስል ሲፈልግም ነጠላዋን ያዘቀዘቀችውን እናት ያገኛታል።